ከመለያየት ለጥቂት የተረፈው ኒውክሊየስ

ዲዩተሮን አንድ ፕሮቶንና አንድ ኒውትሮን ብቻ ተጣምረው የሚሠሩት ኒውክሊየስ ነው። ኤሌክትሮን ሲታከልበት ከባድ ሃይድሮጅን የሚባለው አቶም ይሆናል፤ ከባድ ውሃን ከባድ ያደረገውም እሱ ነው። አሜሪካዊው ኬሚስት ሃሮልድ ዩሬይ ከባልደረቦቹ ጋር መኖሩን ያረጋገጠው እ.ኤ.አ. በ1931 ነበር። በባሕር ውሃ ውስጥ ካሉት 6,400 ያህል የሃይድሮጅን አቶሞች አንዱ የዚህ ዓይነት ነው።

ሁለት ቅንጣቶች ብቻ ስላሉት፣ ኒውክሊየስን አጣብቆ የሚይዘው ኃይል ምን ዓይነት እንደሆነ ለማወቅ ከዲዩተሮን የተሻለ መነሻ የለም። ሦስተኛ ቅንጣት ስሌቱን አያወሳስበውም፤ ኒውትሮኑ ቻርጅ ስለሌለው በኤሌክትሪክ መገፋፋትም የለም። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ኃይል» የምንለው መሳብንና መግፋትን ነው። የሚቆጠረውንና የሚከፈለውን ነገር ግን «ኢነርጂ» እንለዋለን። በአማርኛ ሁለቱ በአንድ ስም ስለሚጠሩ እዚህ ላይ መለየቱ ግድ ነው።)

ሆኖም ዲዩተሮን ገና ከመነሻው ግራ ያጋባል። ሁለቱን ቅንጣቶች ለማለያየት የሚያስፈልገው ኢነርጂ 2.2246 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ብቻ ነው። ይህን መለኪያ ከዚህ በኋላ ሜኤቮ እያልን እናሳጥረዋለን። በአብዛኞቹ ኒውክሊየሶች ውስጥ አንዷን ቅንጣት የሚይዛት ኢነርጂ በአማካይ 8 ሜኤቮ አካባቢ ሲሆን በዲዩተሮን 1.1 ብቻ ነው። ታዲያ የኑክሌር ኃይል በሁለት ቅንጣቶች መካከል ሲሆን ደካማ ነው ማለት ነው? አይደለም። ለምን እንዳልሆነ ከማየታችን በፊት ግን ቁጥሩ ራሱ ከየት እንደመጣ እንመልከት፤ እዚህም ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ።

የመማሪያ መጻሕፍት የተለመደው ስሌት ቀላል ነው። የፕሮቶን ክብደት በኢነርጂ ሲቆጠር 938.272 ሜኤቮ፣ የኒውትሮን 939.565 ነው። ድምራቸው 1877.837 ይሆናል። ዲዩተሮን ግን 1875.613 ብቻ ይመዝናል። የጎደለው 2.224 ሜኤቮ ሁለቱ ሲጣመሩ ወጥቶ የሄደው ኢነርጂ ነው። ስሌቱ ልክ ነው፤ ግን ዙሪያ ጥምጥም ሄዶ የተነሳበት ይመለሳል። ኒውትሮን ቻርጅ ስለሌለው በኤሌክትሪክና በማግኔት መስክ አጥፎ ሊመዝነው የሚችል መሣሪያ የለም። በሰንጠረዥ ላይ የምናነበው የኒውትሮን ክብደት የተገኘው ከዲዩተሮን ክብደት የፕሮቶንን ቀንሶ የትስስር ኢነርጂውን በመደመር ነው። ስለዚህ የትስስር ኢነርጂውን ከሰንጠረዡ የሚያሰላ ሰው የሚያገኘው ቀድሞ የገባውን ቁጥር ራሱን ነው።

እውነተኛው ልኬት የሚመጣው ከጋማ ጨረር ነው። በጣም ቀርፋፋ ኒውትሮኖች ሃይድሮጅን ወዳለበት ነገር ሲላኩ አንዳንዶቹ በፕሮቶን ይያዛሉ፤ ዲዩተሮን ይፈጠርና የተረፈው ኢነርጂ በአንድ የጋማ ፎቶን ይወጣል፦

n + p → d + γ

ግሬኖብል፣ ፈረንሳይ ባለው የላወ ላንዥቫን ተቋም የዚህ ጨረር የሞገድ ርዝመት በክሪስታል ሲበተን የሚጠመዘዝበትን እጅግ ትንሽ አንግል በመለካት ተወስኗል። የፎቶኑ ኢነርጂ 2.2233 ሜኤቮ ነው። ግን ይህ ገና የትስስር ኢነርጂው አይደለም። ጠመንጃ ሲተኮስ ወደ ኋላ እንደሚረግጥ ሁሉ፣ ዲዩተሮኑም ፎቶኑ ሲወጣ ወደ ኋላ ይገፋል፤ ለዚህም ጥቂት ኢነርጂ ይወስዳል። መጠኑ የፎቶኑ ኢነርጂ በራሱ ተባዝቶ በዲዩተሮን ክብደት እጥፍ ሲካፈል የሚገኘው ነው፦ 2.2233 × 2.2233 ÷ 3751.2፣ ማለትም 0.0013 ሜኤቮ። ሁለቱ ሲደመሩ 2.2246 ይሆናሉ። ይህን የመርገጫ ድርሻ የዘነጋ ሰው ውጤቱ በአራተኛው አኃዝ ላይ ይዛነፍበታል፤ የኒውትሮን ክብደትም አብሮ ይዛነፋል።

ነገሩን ገልብጦ ማየትም ይቻላል። ጄምስ ቻድዊክና ሞሪስ ጎልድሃበር እ.ኤ.አ. በ1934 ከቶሪየም ተዋጽኦ የሚወጣ 2.62 ሜኤቮ ያለው ጋማ ጨረር በከባድ ሃይድሮጅን ጋዝ ላይ ለቀቁና ዲዩተሮኑን ሰበሩት። ከ2.22 በላይ የሆነው ትርፍ 0.4 ሜኤቮ ገደማ በፕሮቶኑና በኒውትሮኑ መካከል እኩል ለእኩል ይከፈላል፤ የፕሮቶኑን ድርሻ ለክቶ ወደ ኋላ ማስላት ይቻላል። ኒውትሮን ከፕሮቶን እንደሚከብድ በግልጽ የታየውም በዚያ ሥራ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የጎን ነገር። ብቻውን የተተወ ኒውትሮን በደቂቃዎች ውስጥ ወደ ፕሮቶን ይለወጣል፤ ከለውጡም 0.78 ሜኤቮ ትርፍ ይወጣል። በዲዩተሮን ውስጥ ያለው ግን ይህን ማድረግ አይችልም። ቢለወጥ ሁለት ፕሮቶኖች ይቀራሉ፣ እነሱም አብረው መቆየት ስለማይችሉ 2.22 ሜኤቮው ሙሉ በሙሉ መከፈል አለበት። 0.78 ሊከፍለው አይችልም። ትስስሩ ትንሽ ቢሆንም ለዚህ ይበቃል፤ ዲዩተሮንም ዕድሜ ልኩን አይፈርስም።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ኃይሉ ጠንካራ ከሆነ ትስስሩ ለምን አነሰ?

ኃይሉን እንደ ጉድጓድ እናስበው። ሁለቱ ቅንጣቶች ከ2.1 ፌምቶሜትር በታች ሲቀራረቡ ጉድጓዱ ውስጥ ናቸው፣ ከዚያ በላይ ሲራራቁ ውጭ ናቸው። (አንድ ፌምቶሜትር የአንድ ሚሊሜትር ትሪሊዮንኛ ነው።) እውነተኛው ኃይል እንዲህ ጠርዙ የተቆረጠ አይደለም፤ በጣም ሲቀራረቡም ወደ መግፋት ይለወጣል። ግን ይህ ሻካራ ሥዕል ዋናውን ነገር አይስትም። ጥያቄው እንግዲህ ትስስሩ 2.22 ሜኤቮ እንዲሆን ጉድጓዱ ምን ያህል ጥልቅ መሆን አለበት የሚለው ነው።

በኳንተም ሕግ መሠረት የሁለቱን ርቀት የሚገልጸው ሞገድ ነው። ይህ ሞገድ ርቀቱ ዜሮ ሲሆን ከዜሮ ይነሣል፣ ጉድጓዱ ውስጥ እየታጠፈ ይወጣል። ከጉድጓዱ ውጭ ደግሞ እየሳሳ እንደሚሄድ ጅራት መውረድ አለበት፤ አለበለዚያ ቅንጣቶቹ አልተሳሰሩም ማለት ነው። ሁለቱ ክፍሎች ጠርዙ ላይ ሳይሰበሩ እንዲገጣጠሙ ሞገዱ ጠርዙ ላይ ሲደርስ መውረድ የጀመረ መሆን አለበት። ይህም ማለት ከጉድጓዱ ውስጥ ሩብ ዙር፣ 90 ዲግሪ፣ ከሄደ በኋላ ትንሽ አልፎ መገኘት አለበት። ሞገዱን በዚህች ጠባብ ቦታ ውስጥ አጥፎ ለመመለስ ደግሞ የሞገድ ርዝመቱ አጭር መሆን ይኖርበታል፤ አጭር ሞገድ ማለት ከፍተኛ የእንቅስቃሴ ኢነርጂ ማለት ነው። ጉድጓዱ ይህን ወጪ መሸፈን ካልቻለ ትስስር የለም።

ቁጥሮቹን እናስገባ። የሁለቱን ቅንጣቶች ክብደት ከግምት ያስገባው ቋሚ ቁጥር 41.47 ነው፤ መለኪያው ሜኤቮ በፌምቶሜትር ስኩዌር ተባዝቶ ነው። ሞገዱ በትክክል 90 ዲግሪ እንዲደርስ የሚያስፈልገው ጥልቀት 2.467 × 41.47 ÷ (2.1 × 2.1) ነው፤ ይህም 23.2 ሜኤቮ ይሆናል። ከዚያ በታች የሆነ ጉድጓድ ምንም ቢሆን ሁለቱን አይዝም። የተለካው 2.22 ሜኤቮ እንዲገኝ ደግሞ ጥልቀቱ 33.7 ሜኤቮ መሆን አለበት፤ ያን ጊዜ ሞገዱ ጠርዙ ላይ ሲደርስ 105 ዲግሪ ሄዷል። ከመድረሻው በ15 ዲግሪ ብቻ አለፈ ማለት ነው።

ትርፉ የት እንደገባ ለማየት የዲዩተሮኑን ሒሳብ ማጣራት ይበቃል። በዚህ ሥዕል መሳቡ በአማካይ 12.5 ሜኤቮ ገቢ ያስገባል፤ የእንቅስቃሴ ኢነርጂው 10.3 ይወስዳል፤ በእጅ የሚቀረው 2.2 ነው። የበለጠ ዝርዝር ያላቸው ሞዴሎች ገቢውን ወደ 22፣ ወጪውን ወደ 20 ከፍ ያደርጉታል፤ ልዩነቱ ግን ያው 2.2 ነው። እንግዲህ ትንሹ ቁጥር የደካማ ኃይል ምልክት ሳይሆን ሁለት ትልልቅ ቁጥሮች ሊጣፉ ምንም ሳይቀራቸው የተረፈ ልዩነት ነው።

በሂሊየም 4 ኒውክሊየስ ውስጥ አራት ቅንጣቶች አሉ፤ ጠቅላላ ትስስሩ 28.3 ሜኤቮ ነው። ቅንጣቶቹ ከሁለት ወደ አራት ሲያድጉ የሚሳሳቡት ጥንዶች ግን ከአንድ ወደ ስድስት ይዘላሉ። የእንቅስቃሴው ወጪ በእያንዳንዷ ቅንጣት ላይ ይጣላል፣ ገቢው ግን በጥንድ ይቆጠራል። ዲዩተሮንን ድሃ ያደረገው ይህ ነው፤ ከአንድ ጥንድ በላይ የለውም።

ከጫፍ ላይ መሆኑ በመጠኑም ይታያል። ከጉድጓዱ ውጭ ያለው የሞገድ ጅራት በስንት ርቀት እንደሚሳሳ የሚወስነው የትስስር ኢነርጂው ብቻ ነው። 2.2246 ለ41.47 ተካፍሎ ስኩዌር ሩቱ ሲገለበጥ 4.3 ፌምቶሜትር ይወጣል፤ ከጉድጓዱ ስፋት እጥፍ በላይ ነው። ሒሳቡ እስከ መጨረሻው ሲሠራ ሁለቱን ቅንጣቶች ከጉድጓዱ ውጭ የማግኘት ዕድል 63 በመቶ ይሆናል። ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ጊዜ የሚሳሳቡበት ክልል ውስጥ እንኳ የሉም! ተጣብቀው የሚኖሩ ሁለት ኳሶች አድርጎ መሳሉ ስለዚህ ያሳስታል። ለሁለተኛ የኢነርጂ እርከንም ቦታ የለም። ሌሎች ኒውክሊየሶች ሲነኩ ወደ ላይኛው እርከን ይዘላሉ፤ ዲዩተሮን ግን በቂ ኢነርጂ ካገኘ ይለያያል፣ ካላገኘ ባለበት ይቆያል።

እስካሁን ጉድጓዱን አንድ አድርገን ነው የቆጠርነው። ዲዩተሮን ግን ሁለት እንደሆኑ ይጠቁማል። ፕሮቶንም ኒውትሮንም ስፒን የሚባል የራሳቸው የመሽከርከር ባሕርይ አላቸው፤ በአንድ አቅጣጫ ወይም በተቃራኒ ሊሆን ይችላል። ዲዩተሮን ሁልጊዜ የሚገኘው የሁለቱ ስፒን በአንድ አቅጣጫ ሲሆን ብቻ ነው። ተቃራኒ ስፒን ያለው ዲዩተሮን ታይቶ አይታወቅም። ኃይሉ ስለ ስፒን ደንታ ባይኖረው ሁለቱም በኖሩ ነበር።

ይህን የሚያረጋግጠው ቁጥር ከሌላ ሙከራ ነው የመጣው። ቀርፋፋ ኒውትሮኖች ከነጻ ፕሮቶኖች ጋር ተጋጭተው ሲበተኑ፣ ፕሮቶኑ የሚያሳየው የዒላማ ስፋት 20.4 ባርን ነው፤ ባርን ኒውክሊየስ የሚለካበት የስፋት መለኪያ ሲሆን 100 ስኩዌር ፌምቶሜትር ይሆናል። ከዲዩተሮን የተገኘው ጉድጓድ ግን የሚተነብየው 3.7 ባርን ገደማ ብቻ ነው። ስድስት እጥፍ ሊሞላ የተቃረበ ልዩነት በስሌት ስህተት አይመጣም። ዩጂን ዊግነር መፍትሔውን አየ፦ ኒውትሮንና ፕሮቶን ሲገናኙ ከአራት ጊዜ ሦስቱን በአንድ አቅጣጫ፣ አንዱን በተቃራኒ ስፒን ነው የሚገናኙት። የ3.7 ሦስት አራተኛ 2.8 ነው። ቀሪው 17.6 ባርን ከአንድ አራተኛው ብቻ መምጣት አለበት፤ ስለዚህ በተቃራኒ ስፒን ያለው የዒላማ ስፋት 70 ባርን ገደማ ነው።

እንዲህ ያለ ግዙፍ ስፋት የሚገኘው ጉድጓዱ በትክክል 90 ዲግሪው አካባቢ ሲሆን ነው። ግን ሳይደርስ የቀረ ነው ወይስ አልፎ የሄደ? የስፋቱ ቁጥር ብቻውን ይህን አይናገርም፤ ሁለቱም አንድ ዓይነት 70 ባርን ይሰጣሉ። የተለየው ኒውትሮኖችን በሃይድሮጅን ሞለኪውል ላይ በመበተን ነው። በሞለኪውሉ ውስጥ ያሉት የሁለቱ ፕሮቶኖች ስፒን በአንድ አቅጣጫ ሲሆንና በተቃራኒ ሲሆን መበተኑ እጅግ ይለያያል። ጁልያን ሽዊንገርና ኤድዋርድ ቴለር እ.ኤ.አ. በ1937 እንዳሰሉት ይህ ልዩነት የሚመጣው ሁለቱ ጉድጓዶች የሚበትኑት ሞገድ ምልክት ተቃራኒ ከሆነ ብቻ ነው፤ ማለትም አንዱ ሲይዝ ሌላው ካልያዘ። መልሱ እንግዲህ ሳይደርስ የቀረ ነው።

በዚያው በ2.1 ፌምቶሜትር ስፋት ብናሰላው የተቃራኒ ስፒን ጉድጓድ ጥልቀት 21.7 ሜኤቮ ይሆናል። መስፈርቱ 23.2 ነበር። ሞገዱ 87 ዲግሪ ላይ ደርሶ ቆመ፤ ሦስት ዲግሪ ጎደለው። አንዱ ስፒን 105፣ ሌላው 87፣ መስመሩ 90፤ በሁለት ቅንጣቶች መካከል ስላለው ኃይል ብዙው ነገር በእነዚህ ሦስት ቁጥሮች ውስጥ አለ።

ሁለት ኒውትሮኖች ለምን እንደማይጣመሩም ከዚህ ይገባናል። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ ስለ ኤሌክትሪክ መገፋፋት ነው፤ ያ ግን የሚሠራው ለሁለት ፕሮቶኖች ብቻ ነው፣ ኒውትሮኖች አይገፋፉም። ትክክለኛው ምክንያት የፓውሊ ሕግ ነው። ተመሳሳይ የሆኑ ሁለት ቅንጣቶች በዝቅተኛው ሁኔታ ላይ ሲገናኙ ስፒናቸው ተቃራኒ እንዲሆን ይገደዳሉ፤ ስለዚህ የሚደርሳቸው ጥልቀት ያላነሰው ሳይሆን ጥቂት የጎደለው ጉድጓድ ነው። ፕሮቶንና ኒውትሮን ግን የተለያዩ ስለሆኑ የተሻለው ጉድጓድ ተፈቅዶላቸዋል።

የመጨረሻው ነገር ቅርጹ ነው። መሳቡ በርቀት ብቻ የሚወሰን ቢሆን ዲዩተሮን ፍጹም ድቡልቡል መሆን ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ1939 ኢሲዶር ራቢ፣ ኖርማን ራምዚና ባልደረቦቻቸው የሞለኪውል ጨረር በማግኔት መስክ እያሳለፉ ሲለኩት ድቡልቡል አለመሆኑን አገኙ። የኤሌክትሪክ ቻርጁ በስፒኑ አቅጣጫ ረዘም ይላል፤ የመርዘሙ መለኪያ፣ ኳድሩፖል ሞመንት የሚባለው፣ 0.286 ስኩዌር ፌምቶሜትር ነው። ትንሽ ቁጥር ናት፤ ግን ዜሮ አለመሆኗ ብቻ ኃይሉ በአቅጣጫም እንደሚወሰን ያስገድዳል።

ይህ የኃይሉ ክፍል ቴንሰር ኃይል ይባላል። ሁለት ቀጥ ያሉ ማግኔቶችን በተመሳሳይ አቅጣጫ አንዱን ከሌላው ፊት ብናሰልፍ ይሳሳባሉ፤ ጎን ለጎን ብናደርጋቸው ይገፋፋሉ። የፕሮቶንና የኒውትሮን ስፒንም እንዲሁ ያደርጋል። ምሳሌው እስከዚህ ድረስ ብቻ ይወሰድ፤ የሁለቱ እውነተኛ ማግኔታዊ ኃይል ለዚህ እጅግ ደካማ ነው። ምንጩ በመካከላቸው የሚመላለሰው ፓዮን የተባለ ቅንጣት ነው።

ቴንሰር ኃይል ወደ ሞገዱ ሌላ ዓይነት እንቅስቃሴ ያስገባል። ዋናው ክፍል ዙረት የለውም፣ ኤስ ይባላል። የተቀላቀለው ክፍል ግን ሁለት አሃድ ዙረት አለው፤ ዲ ይሉታል። ምን ያህል ተቀላቅሏል? የተለመደው መንገድ በማግኔታዊ ሞመንት፣ ማለትም በቅንጣቶቹ የማግኔትነት ጥንካሬ፣ ማስላት ነው። የፕሮቶኑ 2.793፣ የኒውትሮኑ −1.913፤ ሲደመሩ 0.880 ይሆናሉ። የዲዩተሮን ልኬት ግን 0.857 ነው። ንጹሕ ዲ ቢሆን 0.310 በሆነ ነበር። ልዩነቱን ለማካካስ 4 በመቶ ገደማ ዲ መኖር አለበት።

ይህን 4 በመቶ እንደ ተለካ ቁጥር የሚጠቅስ ሰው ግን ይሳሳታል። በቅንጣቶቹ መካከል የሚመላለሱት ፓዮኖች ራሳቸው ጥቂት ማግኔታዊ ሞመንት ያዋጣሉ፤ መዋጮውም ልንለካው ከሞከርነው ልዩነት ጋር የሚቀራረብ ነው። አርጎን ቪ18 የተባለው ሞዴል 5.76 በመቶ ዲ ይሰጣል፤ ሲዲ ቦን የተባለው 4.85። ሁለቱም የትስስር ኢነርጂውን በትክክል ያወጣሉ፣ ኳድሩፖል ሞመንቱን ግን ሁለቱም 0.27 ላይ ያቆሙታል፤ የጎደለውም በአብዛኛው በዚሁ የፓዮኖች መመላለስ ይተረጎማል። ዲው በአጭር ርቀት፣ ጉድጓዱ ውስጥ፣ ምን ያህል እንደሆነ ዲዩተሮንን ከውጭ በማየት አይለይም፤ አንዱ ሞዴል እዚያ ውስጥ የጨመረውን ሌላው በሌላ መንገድ ያካክሰዋል። ሁሉም የሚስማሙት ከጉድጓዱ ውጭ፣ በረጅሙ ጅራት ላይ ነው። እዚያ የዲ ሞገድ ለኤስ ሞገድ ያለው ጥምርታ 0.0256 ነው፤ ይህ ቁጥር ግን በሙከራ ይለካል።